«ማንም ደውሎ አያጣራም» ላሉን ጸሐፊ፦ ስለ ሽያጭ ሲቪ ቁጥሮች የተሰጠ ምላሽ

«ሲቪህ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ይኑረው፤ በትክክል ካላስታወስከው ገምተህ ጻፍ። ከኮታ በላይ ከሸጥክ መቶኛውን ብቻ አስቀምጥ፣ ዝርዝር አያስፈልግም። የቡድኑ አባል ነህና የኩባንያው ገቢ ያንተም ገቢ ነው። ደንበኛ የማቆየት መጠንህን ከ95 በመቶ በታች አትጻፍ። ኮታ ያልሞላህበትን ዓመት ዝለለው። ማንም ደውሎ አያጣራም።»

ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነውና። ደውሎ የሚያጣራ ቀጣሪ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። እኔም በሽያጭ ሱፐርቫይዘርነት ሰው ስቀጥር ከአሥር አመልካች ለሁለቱ ብደውል ነው። ማጣራቱ ግን ስልክ አይፈልግም። አመልካቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «የመጨረሻ ወር ኢንሴንቲቭህ ስንት ነበር?» በሠራሁባቸው ቦታዎች ከኮታው 80 በመቶ ያልደረሰ ሠራተኛ ኢንሴንቲቭ አያገኝም፤ ከ80 እስከ 99 የደረሰ ግማሹን ያገኛል፤ 100 የሞላ ሙሉውን ይወስዳል። እርከኑ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። «ሁልጊዜ ከ120 በመቶ በላይ ነኝ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሦስት ሺህ ብር ነበር፣ ሙሉው ስድስት ሺህ ነው» ካለኝ፣ ሳያውቀው ከ100 በታች እንደነበረ ነገረኝ ማለት ነው። ሰው ኮታውን ሊያሳምር ይችላል፣ ኪሱ የገባውን ብር ግን አፉ ሳያስበው ይናገራል።

ደግሞም የጅምላና የችርቻሮ ገበያ ጠባብ ነው። መርካቶ ውስጥ የሚዞር ሱፐርቫይዘር የሌላውን ድርጅት ሱፐርቫይዘር በስም ያውቀዋል፣ አንድ ጅምላ ሻጭ ደጃፍ ላይ ተራ ይጠብቃሉ፣ ቡናም አብረው ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ኮታው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ፤ መቶኛ ብቻውን ሲቆም ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የገባኝ በአንድ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው።

ልጁ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በሚያከፋፍል ድርጅት የሩት ሽያጭ ሠራተኛ፣ ማለትም በተመደበለት መስመር ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የሚሸጥ ነበር። ሲቪው ላይ አንድ መስመር ጽፏል፦ «የ2017 ዓመታዊ ኮታዬን 115 በመቶ አሳክቻለሁ።» 115 የሚል ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቫትን ነው። ኮታው ከቫት በፊት ተቀምጦ ሽያጩ ከነቫቱ ከተደመረ፣ ልክ ኮታውን የሞላ ሰው ሁሉ 115 ላይ ይገኛል፤ 15 በመቶው የመንግሥት ብር እንጂ የሻጩ ጉብዝና አይደለም። ይህንን ስጠይቀው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣቸውን ወርኃዊ የኢንሴንቲቭ ወረቀቶች አሳየኝ። ኮታውም ሽያጩም ከቫት በፊት ነበሩ፤ ኮታ 48 ሚሊዮን ብር፣ ሽያጭ 55.2 ሚሊዮን። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ልጁ አልዋሸም።

ቀጥዬ «ኮታው መቼ ወጣ?» አልኩት። «ሰኔ 2016 ላይ።» «ያኔ ካርቶኑን ስንት ትሸጡት ነበር?» «በአማካይ 1,200።» «ዓመቱ ሲያልቅስ?» «1,650 ደርሶ ነበር።»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ፋብሪካ ሁሉ ዋጋ ጨመረ። የልጁ ድርጅት ግን በሰኔ ያወጣውን የብር ኮታ አልነካውም። ወረቀት አንሥተን አብረን ሠራነው። 48 ሚሊዮን ብር በ1,200 ሲካፈል 40,000 ካርቶን ነው፤ ድርጅቱ በሰኔ ያሰበው ይህንን ነው። የሸጠው 55.2 ሚሊዮን ብር ደግሞ በዓመቱ አማካይ ዋጋ፣ በ1,500 ሲካፈል 36,800 ካርቶን ይሆናል። ከታሰበው 92 በመቶ። በብር 15 በመቶ ያለፈው ሰው፣ በዕቃ ብዛት 8 በመቶ ጎድሎታል።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር፤ «አንተ ሩቱን ከመረከብህ በፊት በነበረው ዓመትስ ስንት ካርቶን ተሸጠ?» አልኩት። 34,000። ይህ ማለት የካርቶኑ ዋጋ ሰማይ በወጣበት፣ ባለሱቁ የሚያነሣውን ዕቃ በቀነሰበት ዓመት፣ በዚያው ሩት ላይ ብዛቱን 8 በመቶ ያህል አሳድጓል። ለእኔ ከ115ቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል። 115ቱን ዋጋው ያመጣዋል፤ ተጨማሪዎቹን 2,800 ካርቶኖች ግን አንድ ሰው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ማስገባት አለበት። የዚያን ቀን መስመሩን እንዲህ አስተካከልነው፦

• 2017 በጀት ዓመት (ሐምሌ 2016 – ሰኔ 2017)፦ ከ48 ሚሊዮን ብር ኮታ 55.2 ሚሊዮን ሸጫለሁ፤ 115 በመቶ፣ ሁለቱም ከቫት በፊት። ወርኃዊ ኮታዬን ከ12 ወር በ8ቱ ሞልቻለሁ።
• በብዛት 36,800 ካርቶን፤ በሰኔ 2016 ዋጋ ከታቀደው 40,000 ካርቶን 92 በመቶ፣ ካለፈው ዓመት 34,000 ግን 8 በመቶ ብልጫ አለው።

ረዝሟል፣ አዎ። ነገር ግን አንባቢው የሚጠይቀውን ሁሉ ይመልሳል፦ መቼ፣ ከምን አንጻር፣ በምን መለኪያ። የስምንቱ ወር ነገር ለምን እንደገባ ልንገራችሁ። የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ሰሞን 140 በመቶ የሸጠ ሰው ያንን ወር ብቻ መዝዞ ሲጽፍ ብዙ አይቻለሁ። ስንት ወር እንደሞላ ሲናገር ግን አንድ የበዓል ሰሞን ዓመቱን ሙሉ ሊሸፍን አይችልም።

በነገራችን ላይ የዘመን አቆጣጠሩን በቅንፍ ማብራራት ትንሽ ነገር አትምሰላችሁ። ሲቪው ናይሮቢ ወይም ዱባይ ያለ የክልል ሥራ አስኪያጅ ጋ ከደረሰ፣ «2017 በጀት ዓመት» የሚለውን የስምንት ዓመት የቆየ ታሪክ አድርጎ ያነበዋል።

የኩባንያ ገቢን በራስ ስም መጻፍን በተመለከተ ራሴ የተዋረድኩበትን ልናገር። ለሁለተኛ ሥራዬ ሳመለክት ሲቪዬ ላይ «የድርጅቱን ሽያጭ በ40 በመቶ አሳድጌያለሁ» ብዬ ነበር። ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰውዬ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጋ ያሉ ነበሩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ሽያጭ ሠራተኛ ነበራችሁ?» አሉኝ። «አሥራ አራት» አልኩ። «ታዲያ ሌሎቹ አሥራ ሦስቱ ምን ይሠሩ ነበር፣ ልጄ?» ያንን ሥራ አላገኘሁትም፤ አይገባኝምም ነበር።

ሠራተኛው ሊጽፍ የሚችለው ገቢ በራሱ ኮድ የተቆረጠ ደረሰኝ ድምር ነው። ሱፐርቫይዘር ከሆነ የቡድኑን ይጻፍ፣ ግን ስንት ሰው እንደሚመራ ከጎኑ ያስቀምጥ። ይህም ሆኖ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ርክክብ ነው። ከአንተ በፊት የነበረው ሠራተኛ ያለማውን ሩት ተረክበህ ከሆነ፣ በተለይ አንድ ትልቅ ጅምላ ሻጭ ብቻውን ሲሶውን የሚያነሣ ከሆነ፣ ያ ሽያጭ ቤትህ ብትተኛም በከፊል ይመጣ ነበር። «120 ሱቆች ተረክቤ» የምትለው ቃል ይህንን በሐቀኝነት ትሸፍናለች። ሁለተኛው ዱቤ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ዱቤ ዕቃ መበተን የሚያቅተው የለም፤ የሚያቅተው መሰብሰቡ ነው። የዚያ ልጅ ወረቀት ላይ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ከ55.2 ሚሊዮኑ 53.5 ሚሊዮን ገቢ ሆኗል፤ 97 በመቶ መሆኑ ነው። ይህንን ሲቪው ላይ አልጻፈውም ነበር፤ ቁጥር መሆኑን እንኳ አላሰበውም። የፋይናንስ ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ካለ ግን ከሽያጩ ይልቅ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ከተመላሽ በፊት ወይስ በኋላ የሚለውንም አብራችሁ ግለጹ፤ በሰኔ መጨረሻ ኮታ ለመሙላት ሱቅ ውስጥ የተጠቀጠቀ ዕቃ በሐምሌ ተመልሶ ሲመጣ መኪና ላይ ጭኜ አውቀዋለሁ።

የ95 በመቶው ነገር ደግሞ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም ሳይዋሹ 95 ማግኘት ይቻላል። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በሸቀጥ ሽያጭ ባለሱቁ ውል አይፈርምም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛ አይደለሁም» የሚል ደብዳቤም አይጽፍም። ዝም ብሎ ማዘዝ ያቆማል። ስለዚህ «ቆየ» የሚባለው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ካልተወሰነ መቶኛው ትርጉም የለውም። የልጁን መዝገብ በሁለት መንገድ ቆጠርነው። መነሻው አንድ ነው፤ በ2016 በጀት ዓመት የመጨረሻ ሦስት ወራት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያዘዙ 120 ሱቆች። ከእነዚህ ውስጥ በቀጣዩ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያዘዙት 114 ናቸው፤ 95 በመቶ። ያማረ ቁጥር ነው። ነገር ግን በሐምሌ አንድ ካርቶን ወስዶ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ ያላየንን ሱቅም ይቆጥራል። በዓመቱ የመጨረሻ ሦስት ወራት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2017፣ ያዘዙትን ስንቆጥር 97 ሆኑ፤ 81 በመቶ። መነሻው በሦስት ወር ከተለካ መድረሻውም በሦስት ወር መለካት አለበትና ትክክለኛው ይህ ነው።

ሌላው የሚሳቱበት ቦታ አዲስ ደንበኛን ከነባሩ ጋር መደመር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ልጁ 126 የሚያዙ ሱቆች ነበሩት። 120 ይዞ ተነሥቶ 126 ላይ የደረሰ ሰው «አንድም ደንበኛ አላጣሁም» ብሎ ቢጽፍ ለላይ ላዩ ያስኬዳል። ከ126ቱ 29ኙ ግን አዲስ የተከፈቱ ናቸው። 29ኙን ስናወጣ የሚቀሩት እነዚያው 97 ናቸው። አዲሶቹን በራሳቸው መስመር መጻፍ እንጂ የጠፉትን መሸፈኛ ማድረግ አይገባም፤ 29 ሱቅ መክፈት ራሱን ችሎ የሚጻፍ ሥራ ነው።

እና 23ቱ የት ሄዱ? ጥያቄው የማይቀር ስለሆነ መልሱ ቢጻፍ ይሻላል። የልጁ ሩት ካዛንቺስን ይጨምር ነበር። በ2017 መጀመሪያ ሠፈሩ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ 11 ሱቆች ከነሕንፃቸው ተነሡ። አንዳንዶቹ ሌላ ሩት ውስጥ ተከፍተው በሌላ ሠራተኛ ስም ገብተዋል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ሥራውን ትተውታል። ቀሪዎቹ 12ቱ ግን ሱቃቸው ዛሬም አለ፣ ከሌላ አከፋፋይ ነው የሚገዙት። አንድ ወዳጄ «የፈረሱትን አውጥተህ 97 ለ109 አካፍል፣ 89 በመቶ ይመጣል» ይላል። ስሌቱ አያጠያይቅም፤ ሆኖም 89ን ብቻ መጻፍ አልወደድኩትም፣ ምክንያቱም ማን እንደሚወጣ የወሰነው የሲቪው ባለቤት ራሱ ነው። ዛሬ የፈረሰ ሱቅ ይወጣል፣ ነገ ባለቤቱ የታመመ፣ ከነገ ወዲያ የተኮራረፍነው። 81ን አስቀድሞ ምክንያቱን ማስከተል ይሻላል፤ ማካፈል የፈለገ አንባቢ ራሱ ያካፍላል፦

• ከተረከብኳቸው 120 ሱቆች 97ቱ (81 በመቶ) በዓመቱ የመጨረሻ 3 ወራትም አዝዘዋል። ካጣኋቸው 23 ውስጥ 11ዱ በካዛንቺስ መፍረስ የተነሡ ናቸው።
• 29 አዲስ ሱቆች ከፍቻለሁ፤ ሁሉም በሚያዝያ–ሰኔ 2017 ያዘዙ።
• ከሽያጬ 97 በመቶው እስከ ሰኔ 30 ተሰብስቧል።

የእኔ ልምድ ከሩት ሽያጭ ስለሆነ የሦስት ወሩን መስፈሪያ እንደ ሕግ አትውሰዱት። ባለሱቅ ሳሙና በየሳምንቱ ስለሚያዝ ሦስት ወር ዝም ያለ ሄዷል ማለት ይቻላል። የሕክምና መሣሪያ ወይም ጄኔሬተር የሚሸጥ ሰው ግን በሦስት ወር ቢለካ ደንበኛ የሚባል አይኖረውም፤ እሱ የጥገና ውሉ ታደሰ ወይ አልታደሰም የሚለውን ይቁጠር።

ኮታ ያልተሞላበትን ዓመት ስለመዝለል ብዙ አልልም። በሲቪው ላይ 2014 እና 2016 ቁጥር ኖሯቸው 2015 ባዶ ከሆነ፣ ዓይኔ የሚያርፈው 2015 ላይ ነው። «ከኮታው 84 በመቶ፤ ለ3 ወር መጋዘኑ ዋናው ምርት አልነበረውም» ብሎ የጻፈ ሰው በምንዛሪ እጥረት ዘመን ሥራ ላይ የነበረን ሁሉ ያሳምናል፤ ዕቃ የሌለበት ሩት ላይ መዞር ምን እንደሆነ እናውቀዋለንና። ምክንያት የሌለው 84 ከሆነም ይጻፍ፤ ከባዶው ይሻላል።

ግምትን በሚመለከት፣ የማይታወስ ቁጥር ካለ መስመሩ ያለ ቁጥር ይቁም። «አዳዲስ ሠራተኞችን ሩት ላይ ይዤ እየዞርኩ አለማምጃለሁ» የሚለው መስመር ላይ «ውጤታማነታቸውን በ35 በመቶ ጨምሬ» ብሎ መቀጠል ማንም ያልለካውን መለካት ነው። ስንት ሰው እንዳለማመዳችሁ ካወቃችሁ እሱን ጻፉ፤ አራት ከሆኑ አራት። ግምት የግድ ከሆነ ደግሞ «ከ30 እስከ 40 ሱቅ በቀን» ብላችሁ ከነልኩ ተናገሩት እንጂ «37» አትበሉ። እንዲህ ቁርጥ ያለ ቁጥር ተቆጥሮ የመጣ ይመስላል፣ ማን ቆጠረው ሲባል መልስ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ በምን ይረጋገጣል ለሚል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይበቃም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ደብዳቤውን እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ በግድ የሚጻፈው ግን የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ነው። ኮታና ሽያጭ እዚያ ላይ የሉም። ስለዚህ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት፣ ሲስተሙ ገና ሳይዘጋባችሁ፣ ለእናንተ የተሰጡትን ወረቀቶች ሰብስቡ፦ በስማችሁ የወጣውን ዓመታዊ የኮታ ደብዳቤና አሥራ ሁለቱን የኢንሴንቲቭ ወረቀቶች። የደንበኛ ቁጥሮቹን ለሱፐርቫይዘራችሁ አሳዩትና «ይህንን ሲቪዬ ላይ ልጽፍ ነው፣ ቢጠይቁህ ታረጋግጥልኛለህ?» በሉት። «እሱማ 81 አልነበረም» ካለ፣ ከቀጣሪው አፍ ሳይሆን ከእሱ አፍ መስማታችሁ ይሻላል። ድርጅቱ የብር መጠን እንዳይወጣ የሚከለክል ከሆነ ብሩን ትታችሁ መቶኛና የካርቶን ለውጥ ብቻ ጻፉ፤ 92 በመቶና 8 በመቶ ያለ ሚሊዮኖቹም ይነበባሉ።

የሱቆቹን ስምና ስልክ የያዘውን ዝርዝር ግን ይዛችሁ አትውጡ። እሱ የድርጅቱ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ስልኩን ከፍቶ የቀድሞ አሠሪውን የደንበኛ ዝርዝር «ማስረጃ» ብሎ ያሳየኝ አንድ አመልካች ነበረ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ነበሩ፣ እኔ ግን የእኛን ዝርዝር ለማን እንደሚያሳይ እያሰብኩ ነበር የሸኘሁት።